ስላይዱ ከቃሉ ሲቀድም

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ የዓመት ሪፖርት ሲቀርብ ከኋላ ወንበር ሆኖ ተሰብሳቢውን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ተናጋሪው ገና ስለ አምናው እያወራ ሳለ ስክሪኑ ላይ የዘንድሮው አኃዝ ብቅ ይላል፤ በዚያው ቅጽበት የተሰብሳቢው ዓይን ከሰው ወደ ግድግዳ ይሄዳል። ጆሮም ዓይንን ይከተላል። ለሚቀጥሉት ጥቂት ሰኮንዶች ተናጋሪው የሚለው ሁሉ አድማጭ የለውም። ሪፖርቱ ደህና ተዘጋጅቶ፣ አቅራቢውም አንደበተ ርቱዕ ሆኖ ይህ ይደርሳል። ችግሩ ስላይዱ የሚቀየርበት ቅጽበት በማንም ያልተወሰነ መሆኑ ነው።

አብዛኛው ሰው ስላይድ የሚቀይረው አንቀጹ ሲያልቅ ነው፤ መጽሐፍ እንደሚገልጥ ማለት ነው። ያወራውን ጨረሰ፣ ተጫነ፣ አዲሱን ስላይድ አየ፣ ከዚያ ምን እንደሚል ያስባል። በዚህ ጊዜ አድማጩ ስላይዱን አንብቦ ጨርሷል። አረፍተ ነገሩ የሚመጣው የታወቀ ነገር ሆኖ ነው። ስለዚህ የስላይዱ መቀየሪያ ቦታ በሁለት አንቀጽ መካከል ያለው ክፍተት ሳይሆን በአረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለ አንድ የተመረጠ ቃል መሆን አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ለአባላቱ የዓመት ሪፖርት ያቀርባል እንበል። ሰብሳቢው ስለ ምርቱ፣ የሒሳብ ኃላፊዋ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ይናገራሉ። ሰባተኛው ስላይድ ላይ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ አንዱ የአምናው፣ ሌላው የዘንድሮው ርክክብ። የሰብሳቢው አረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ዘንድሮ ከአባሎቻችን የተረከብነው ቡና፣ ዝናቡ ያለጊዜው እየመጣ ቢያስቸግረንም፣ ከአምናው በ12 በመቶ ጨመረ።»

አማርኛ ዋናውን ነገር እስከ መጨረሻ አቆይቶ ነው የሚያወጣው። ቡናው ጨመረም ቀነሰም የሚታወቀው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሲደረስ ነው፤ እስከዚያ አድማጩ እየጠበቀ ነው። ሰብሳቢው «ዘንድሮ» ሲሉ ስላይዱ ከተቀየረ፣ ረጅሙ ዘንግ ጉዳዩን ቀድሞ ይናገርና ስለ ዝናቡ የተባለው ሳይሰማ ያልፋል። ቁልፉ «በ12 በመቶ» እና «ጨመረ» መካከል ከተጫነ ግን ዘንጉ ብቅ የሚለው ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ነው። አድማጩ ሰምቶ ያያል፣ አይቶም ያምናል። ከሌላ ቋንቋ የተወሰዱ የአቀራረብ መመሪያዎች በአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ተጫኑ ሲሉ በእኛ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የማይሠሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ነገር ግን ሁልጊዜ ቃል ይቅደም ማለት አይደለም። ስምንተኛው ስላይድ የእያንዳንዱን ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ዋጋ የያዘ ሰንጠረዥ ቢሆን፣ ሰምቶ ከማየት አይቶ መስማት ይሻላል። እዚህ ላይ ስላይዱ መጀመሪያ ይወጣል፤ ተናጋሪዋ አንዴ ተንፍሰው ዝም ይላሉ። ከዚያ አነባበቡን ያሳያሉ፦ «በግራ የጣቢያዎቹ ስም ነው፤ በቀኝ በኪሎ የተከፈለው።» መደምደሚያው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልዩነቱን ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ስላይዱ በአንድ እይታ ያልቃል ወይስ ማንበቢያ ጊዜ ይፈልጋል? በአንድ እይታ የሚያልቀው ቃሉን ይከተል፤ ጊዜ የሚፈልገው ቃሉን ይቅደም።

ይህ ከተወሰነ ወረቀት ላይ መስፈር አለበት። ንግግሩ በትልልቅ ፊደል ይታተምና ስላይዱ የሚቀየርበት ቃል ፊት ለፊት፣ እዚያው አረፍተ ነገሩ ውስጥ፣ «ጫን» የሚል ምልክት ይገባል። ኅዳግ ላይ የሚጻፍ ምልክት አይበቃም፤ ዓይን መስመሩን ጨርሶ ነው የሚያገኘው። የሚቆጠረው ደግሞ ስላይዱ ሳይሆን ጭነቱ ነው። ነጥቦቹ አንድ በአንድ እየወጡ የሚታዩበት ስላይድ አራት ጭነት ሊፈልግ ይችላል፤ ወረቀቱ አንድ ብቻ ካለ ተናጋሪው ሦስት ነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ይገኛል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ተንቀሳቃሽ ነገር ከመጨመር ይልቅ ስላይዱን ለሁለት መክፈሉን እመርጣለሁ፤ የሚበላሽ ነገር ይቀንሳል።

ክሊከሩ በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ያኔ ነው «ቀጥል»፣ «ቀጣዩ ስላይድ»፣ «አይ አንድ መልስልኝ» የሚለው ንግግር የሚጀምረው፤ አድማጩም ሪፖርቱን ትቶ የሁለቱን ሰዎች መግባባት መከታተል ይይዛል። መድኃኒቱ የምልክት ቃል ነው። ተናጋሪው ያን ቃል ሲል ክሊከር የያዘው ይጫናል፤ ሌላ የሚባባሉት ነገር የለም።

የምልክት ቃል ሲመረጥ ሰዎች የሚሳሳቱት ብዙ ጊዜ የሚመጣ ቃል በመውሰድ ነው። «ነው» ወይም «ስለዚህ» ምልክት ሊሆን አይችልም፤ በየአረፍተ ነገሩ አለ። «ጨመረ» እንኳ አደገኛ ነው፤ ሰብሳቢው በመሐል «የአባላት ቁጥርም ጨመረ» ካሉ ስላይዱ ያለጊዜው ይሄዳል። «በ12 በመቶ» ግን በዚያ ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ የሚነገር ስለሆነ ይሠራል። ቃሉ አንድ ጊዜ ብቻ መኖሩን ለማረጋገጥ የንግግሩን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ Ctrl+F በመጫን መፈለግ ይቻላል። ከዚህ ሌላ ተናጋሪው አንድ ግዴታ አለበት፤ የቀረውን እንደፈለገ ቢያለዋውጥም የምልክት ቃሉን እንደተጻፈ መናገር አለበት። በንግግር መሐል «ከአንድ አሥረኛ በላይ» ቢሉ ጓደኛው የሚጠብቀው ቃል አልመጣም።

በውጭ አገር ቲያትር ቤቶች መድረክ አስተባባሪዎች መብራትና ድምፅ ሲያስለውጡ ሁለት ቃል ነው የሚጠቀሙት፤ አንዱ «ተዘጋጅ» የሚል፣ ሌላው «ሂድ» የሚል። «ሂድ» የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር እንዳይጠቀሙበት ይጠነቀቃሉ፤ አንድ ጊዜ ያለቦታው ከተባለ መብራቱ ይጠፋልና። ለሪፖርትም ይኸው ይጠቅማል። በምሳሌያችን «ዝናቡ» የሚለው ቃል የማንቂያ ቃል ይሁን፤ ክሊከር የያዘው ሰው ዓይኑን ከስልኩ አንሥቶ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያደርጋል። «በ12 በመቶ» ሲባል ይጫናል። ማንቂያ ከሌለ ምልክቱን ሰምቶ፣ ክሊከሩን አንሥቶ፣ ቁልፉን ፈልጎ እስኪጫን ቃሉ ቀዝቅዟል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው የሚደረገው ርክክብ ነው። የተለመደውን እናውቀዋለን። ሰብሳቢው «እንግዲህ የእኔ ይህን ይመስላል፤ ቀጣዩን የሒሳብ ኃላፊያችን ያቀርቡልናል» ይላሉ። ስላይዱ ተቀይሮ የሒሳብ ሰንጠረዡ ይወጣል። ኃላፊዋ ከወንበራቸው ይነሣሉ፣ ይራመዳሉ፣ ማይክ ይቀበላሉ፣ «ይሰማል?» ይላሉ፣ ሰላምታ ያቀርባሉ። እስከዚያ አዳራሹ ሰንጠረዡን አንብቦ በየጎኑ መነጋገር ጀምሯል፤ አንዳንዱም የራሱን ትርጉም ሰጥቶታል። ኃላፊዋ የሚጀምሩት ከተሸነፈ ቦታ ነው።

ይህ የሚስተካከለው የሄደው ተናጋሪ ስላይድ እንዲቆይ በማድረግ ነው። ሰብሳቢው ጨርሰው ሲወርዱ ስክሪኑ ላይ ያለው ያ ሁለት ዘንግ ነው፤ አድማጩ ያየው ስለሆነ የሚያነበው የለውም፤ ዓይኑ የሚሄደው ወደምትመጣው ሰው ነው። አዲሱ ስላይድ የሚወጣው አዲሷ ተናጋሪ የመጀመሪያውን አረፍተ ነገር ከተናገሩ በኋላ፣ በእሳቸው ጭነት ነው። ሄያጁ የመጪውን ስላይድ አይነካም፤ ይህን አንድ ደንብ የያዙ ሁለት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆነውን ችግር አስወግደዋል።

ንግግሩም መያያዝ አለበት። ሰብሳቢው የሚያበቁት በማስተዋወቅ ሳይሆን በጥያቄ ቢሆን ይመረጣል፦ «ቡናው ጨምሯል። ገንዘቡስ? ይህን የሒሳብ ኃላፊያችን ያስረዱናል።» ኃላፊዋም በመልሱ ይጀምራሉ፦ «ገንዘቡም ጨምሯል፤ ግን ቡናው በጨመረው ልክ አይደለም።» ከዚያ ይጫናሉ። ምስጋናና ሰላምታ በመካከል ገብቶ ክሩን እንዳይበጥሰው፣ ሁለቱ መጀመሪያ ላይ አብረው ቆመው ጉባኤውን ሰላም ቢሉ ይበቃል። በእኛ አገር ሰላምታ መዝለል ነውር ስለሆነ ቦታውን ማስቀደም እንጂ መሰረዝ አይገባም።

እግርም ምልክት ይፈልጋል። ኃላፊዋ የሚነሡት ሲጠሩ ከሆነ ዘግይተዋል። ሰባተኛው ስላይድ ሲወጣ ተነሥተው ከማይኩ ሁለት እርምጃ ርቀው ይቁሙ። ማይኩ አንድ ብቻ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው ማይኩ ብቻ ይሁን፤ ክሊከሩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና መጪዋ ያንሡት። ሁለቱን ባንድ ጊዜ መቀባበል ክሊከሩን ሳይታሰብ ማስጫን ነው፤ ስላይዱም ሰው ሳይናገር ይሄዳል።

ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይጨመራል። አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ዋሺንግተን ሆነው በዙም ሲያቀርቡ ድምፁና ምስሉ እኩል አይደርሱም፤ ስክሪን የሚያጋራው ሰው ምልክቱን የሚሰማውም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ቃሉ ላይ ልጫን ብሎ መሞከር አያዋጣም። ተናጋሪው ከቃሉ በኋላ አጭር ፋታ ይስጥ፤ ስላይዱ በዚያ ዝምታ ውስጥ ይድረስ። የተሻለው ግን ዙም ስላይድ የመቀየሩን ሥልጣን ለሌላው ተሳታፊ ለመስጠት የሚያስችል መሆኑን አውቆ እያንዳንዱ የራሱን እንዲጫን ማድረግ ነው።

ሲበላሽስ? በጣም የሚያጋጥመው ድርብ ጭነት ነው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ሰው ደግሞ ይጫናል፤ ከዚያ ሁለቱም ጭነት ተከታትሎ ይደርስና አንድ ስላይድ ይዘለላል። አንዴ ተጭኖ መጠበቅ ነው። ከተዘለለም በየመሐሉ እየቆሙ ወደ ኋላ ከመመለስ በፓወርፖይንት የስላይዱን ቁጥር ጽፎ Enter መጫን በቀጥታ ያደርሳል፤ ለ7ኛው 7 እና Enter። B መጫን ደግሞ ስክሪኑን ጥቁር ያደርጋል፤ እንደገና ሲጫኑት ስላይዱ ይመለሳል። ክሊከሩ ጨርሶ እምቢ ካለ ደግሞ የሚወራ ነገር ያስፈልጋል። በጃንዋሪ 2007 ስቲቭ ጆብስ አይፎንን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ክሊከሩ መሥራት አቆመ፤ እሱም ሠራተኞቹ እስኪያስተካክሉት ድረስ ከስቲቭ ዎዝኒያክ ጋር በወጣትነታቸው ቴሌቪዥን ስለሚያውክ መሣሪያ ያደረጉትን አወጋ።

ሌላው ስውር ወጥመድ የልምምድ ሰዓት ነው። ፓወርፖይንት ውስጥ Rehearse Timings ብሎ የተለማመደ ሰው መጨረሻ ላይ ሰዓቱን አስቀምጥ ካለው፣ በማግሥቱ ስላይዶቹ ማንም ሳይነካቸው ራሳቸው ይቀያየራሉ። Slide Show በሚለው ክፍል Use Timings የሚለው ምልክት መነሣቱን ከአቀራረቡ በፊት ማየት ያስፈልጋል።

ልምምዱ ራሱ ረጅም መሆን የለበትም። አንዴ ሙሉውን፣ ከዚያ መቀየሪያ ቦታዎቹን ብቻ፤ ከእያንዳንዱ ጭነት በፊት ያለውን አንድ አረፍተ ነገርና ከኋላው ያለውን አንድ። ርክክቡን ግን ቆመው፣ እየተራመዱ፣ ማይክ በሚመስል ነገር ይለማመዱ። ስልክ ከኋላ ተቀምጦ ተናጋሪውንና ስክሪኑን አንድ ላይ ይቅረጽ፤ ቪዲዮው ላይ ስላይዱ ከቃሉ መቅደሙና መዘግየቱ በግልጽ ይታያል። ከዚህ ልምምድ በኋላ አዲስ ስላይድ መጨመር የሚፈልግ ካለ መጨረሻው ላይ ያስገባው፤ መሐል ከገባ ሁለቱም ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ይፋለሳሉ።