ልብስን በለበሱት ቀን ቍጥር ስለ መለየት

በወሎ ምዕራባዊ ደጋ የሚኖር ሰው የልብስ ሣጥን ቶሎ ይሞላል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለ ሆነች፣ ክረምቷ ወፍራም ልብስ ያስፈልገዋል፤ ጥቅምትና ኅዳርም ውርጫቸው ጋቢ ያስደርባል። ይሁን እንጂ ከዚያው ከተማ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው በርኖሱን አውልቆ በስስ ሸሚዝ ይሄዳል። በዚህ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ልብስ፣ የበዓሉ ነጭ ልብስና የለቅሶው ነጠላ ሲጨመር ሣጥኑ ጢም ይላል። የሚያስደንቀው ግን ባለቤቱ ሣጥኑን ከፍቶ እያየ «የምለብሰው የለኝም» ማለቱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የትኛው ይቀመጥ፣ የትኛው ለልብስ ሰፊ ይሰጥ፣ የትኛውስ ለሌላ ሰው ይለፍ? ብዙ ሰው ይህን የሚወስነው በዓይኑና በትዝታው ነው። ትዝታ ግን በዚህ ነገር የታመነ ምስክር አይደለም፤ ልብሱን ስንት ጊዜ እንደ ለበስነው ሳይሆን ስንት ብር እንደ ገዛነው ወይም ማን እንደ ሰጠን ያስታውሰናልና። ስለዚህ ከምስክር ይልቅ መዝገብ ይሻላል፤ ይህን የምለው የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንሁ ብቻ አይደለም።

መዝገቡ አንድ ወረቀት ነው። በግራው በኩል የልብሶቹ ስም በየመስመሩ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለ13ቱ ወራት 13 ዓምድ ይሰመራል፤ ወረቀቱም ከሣጥኑ ክዳን ውስጥ ይለጠፋል። ማታ ልብሱ ሲታጠፍ ወይም ሲሰቀል በወሩ ዓምድ አንድ ጭረት ይደረጋል። ጭረቱን የሚያደርገው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ ሁለት ሰው የያዘው እንደ ሆነ አንዱ በሌላው እየተማመነ ቀኑ ይዘለላል። ቈጠራው በመስከረም ተጀምሮ በጳጉሜን ይፈጸማል። ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ የቈጠረ የደጋ ሰው በርኖሱን ጭረት አጥቶበት ያስወጣውና በሐምሌ ሌላ ሲፈልግ ይገኛል።

ነገር ግን የጭረት ብዛት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ለሠርግ ብቻ የሚለበስ ካባ በዓመት አንድ ጭረት ቢኖረው፣ በዓመቱም የነበረው ሠርግ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ካባው ሥራውን ፈጽሟል። በሥራ ቀን ሁሉ ሊለበስ የሚችል ኮት ግን 10 ጭረት ቢኖረው ከካባው ይልቅ ሥራ ፈት ነው። ስለዚህ በወረቀቱ መጨረሻ ሁለት ዓምድ ይጨመራል፤ አንዱ ልብሱ ሊለበስ ይገባው የነበረውን ቀን፣ ሁለተኛው የተለበሰውን ቀን የሚያሳይ ነው። የምንመዝነው ሁለተኛውን በፊተኛው ነው። ፊተኛውን ቍጥር በግምት መያዝ ይበቃል፤ የበዓላቱንና የለቅሶውን ቀን ማንም ቤተ ሰብ ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲገለጥ በመካነ ሰላም የሚኖር አንድ ባልደረባዬ ዓመት ሙሉ የያዘውን ወረቀት እንመልከት። ግራጫው የሱፍ ካፖርቱ ሊለበስ ከሚገባው 110 ቀን 96 ቀን ተለብሷል። ይህ ልብስ ይቀመጥ አይቀመጥ የሚያሰኝ አልነበረም፤ ይሁንና ቍጥሩ ሌላ ነገር አሳየው። ብዙ የሚለበስ ልብስ የሚያልቀው በክርኑና በእጅጌው ጠርዝ ነውና፣ ካፖርቱን ወደ መስኮት አቅንቶ ሲያየው ክርኑ ብርሃን ያሳልፍ ጀምሮ ነበር። ሳይቀደድ ከውስጥ እራፊ አስደገፈው። ከተቀደደ በኋላ ቢሆን ኖሮ ጥፈቱ ከውጭ ይታይ ነበር።

ጥቍሩ ሙሉ ልብሱ ግን ከ20 ቀን 3 ቀን ብቻ ተለብሶ ተገኘ። በዚህ ጊዜ የሚጠየቀው «ይሰጥ ወይ?» ሳይሆን «ስለ ምን አልተለበሰም?» የሚለው ነው። ለብሶ ቢቀመጥ ሱሪው ወገቡን አጠበቀው፤ ምክንያቱ ይኸው ነበር። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ገልብጦ የኋላውን ስፌት ሲመለከት በግራና በቀኝ 2 ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አገኘ። በተፈታ ጊዜ 3 ሴንቲ ሜትር አሰፋው፤ የቀረው ለስፌቱ መያዣ ሆነ። ትርፍ ጨርቅ ባይኖር ኖሮ መልካም ልብስ ሰፊም ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር። በማግሥቱ ዓመት ያው ልብስ ከ18 ቀን 11 ቀን ተለበሰ።

ሦስተኛው ቡናማ ኮት ነው፤ ከ90 ቀን 2 ቀን። የዚህ ኮት ጉድለት ትከሻው ነበር፤ ከባለቤቱ ትከሻ አልፎ ወደ ክንዱ ይወርዳል። ልብስ ሰፊው ካየው በኋላ፣ «ጋሼ፣ እጅጌ ላሳጥርልዎ፣ ወገብም ላጥብብልዎ እችላለሁ፤ ትከሻ ግን እጅጌውን፣ ኮሌታውንና ገበሩን ሁሉ ካልፈቱ አይነካም፤ ከዚያም በኋላ እንደ ፊቱ አይቀመጥም» አለው። የጠየቀውም ዋጋ የአዲስ ኮት እኩሌታ የሚያህል ነበር። ባልደረባዬም ሊያሠራው አልፈለገም፤ እኔም እውነት አለው እላለሁ። ማሠሪያውን ዋጋ ወደፊት ይለበሳል ተብሎ በሚታሰበው ቀን ማካፈል ነው፤ ትከሻው ተፈትቶ የተበላሸ ኮት የሚለበስበት ቀን ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው።

በዚያው ቤት ሁለት ጋቢዎች ነበሩ፤ አንዱ 140 ሌሊት፣ ሁለተኛው 4 ሌሊት። ባልደረባዬ ሁለተኛውን ሊሰጠው ሲል ባለቤቱ ከለከለችው፤ «እርሱ የእንግዳ ነው፤ እንግዳ ያደረው 4 ሌሊት ነው፤ አራቱንም ለብሶታል» አለችው። እርስዋ ፊተኛውን ዓምድ ከእርሱ ይልቅ በደንብ አስተውላዋለች። ብዙ የሠራው ጋቢ ደግሞ በላዩ ሳሳ። ነገር ግን ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ፣ የላዩ ሲያልቅ የውስጡ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ስፌቱን ፈትተው እያንዳንዱን እጥፍ ወደ ፀሐይ ሲያቀኑት፣ ድሩና ማጉ ሳይሳሳ ከቀረው ሁለት እጥፍ ለልጁ ኩታ ወጣለት።

መዝገብ የያዘ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ጭረት ያጣውን ልብስ አይቶ እያዘነለት፣ እንዲቈጠርለት ብቻ የሚለብስ አለ። ይህ በወረቀቱ ላይ ይታወቃል፤ ጭረቶቹ በአንድ ወር ተሰብስበው ሌላው ወር ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ቍጥር እንደ ሐሰተኛ ማስረጃ ቈጥሮ መተው ነው። ደግሞም ከሟች አባት የተወረሰ በርኖስ ወይም እናት የፈተለችው ቀሚስ ወደዚህ ችሎት አይቅረብ፤ በሌላ ሣጥን ይቀመጥ። ይሁን እንጂ የሱፉን በየጊዜው አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል፤ ብል የሚያጠቃው ሳይነካ የተቀመጠውን ነውና።

በውጭው ዓለምም ይህ ቈጠራ ትኵረት አግኝቷል። ኤለን ማክአርተር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ2017 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስበት ጊዜ ከ15 ዓመት በፊት ከነበረው በ36 ከመቶ መቀነሱን ገልጿል። ከዚያ ከተረፈው ልብስ ከፊሉ ልባሽ ጨርቅ ሆኖ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል።

ቡናማው ኮት በመስከረም ቈጠራው ሲዘጋ ለባልደረባዬ የእኅት ልጅ ተሰጠ። ወጣቱ ትከሻው ሰፊ ነው፤ ኮቱን ከመቀበሉ በፊትም ለብሶ ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ ጀርባው አለመያዙን አሳየ። የጐደሉት ሁለት ቍልፎች ተተክተው፣ ኮቱም ጸድቶ የጥቅምት ውርጭ ሳይገባ ደረሰው። በእርሱም ቤት አሁን ወረቀት ተለጥፏል፤ ኮቱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 41 ጭረት ነበረው።