ሁለተኛው መድኃኒት

እ.ኤ.አ. ማርች 4 ቀን 1984 ምሽት ሊቢ ዛየን የተባለች የ18 ዓመት ወጣት በኒውዮርክ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ገባች። ትኩሳት ይዟታል፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፤ እጅና እግሯ በራሱ ጊዜ ይወራጫል፤ አንድ ቦታ መርጋት አልቻለችም። የኮሌጅ አንደኛ ዓመት ተማሪዋ ለድብርት ፌነልዚን የሚባል መድኃኒት ትወስድ ነበር። ሌሊት ላይ መንቀጥቀጡን ለማስታገስ ተብሎ ፔቲዲን የሚባለው ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ በመርፌ ተሰጣት።

ከዚያ በኋላ መወራጨቷ ባሰ። ራሷን እንዳትጎዳ አልጋው ላይ ታሰረች፤ ማረጋጊያ መድኃኒትም ተጨመረላት። ንጋት ላይ የሰውነቷ ሙቀት ሲለካ ወደ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተጠግቷል። ብዙም ሳይቆይ ልቧ ቆመ፤ ሐኪሞች ቢረባረቡም ሊያተርፏት አልቻሉም።

ጋዜጠኛና የሕግ ባለሙያ የነበሩት አባቷ ሲድኒ ዛየን ለዓመታት ተሟገቱ። ክርክሩ በአሜሪካ የታወቀው ረጅም ሰዓት ያለ እረፍት በሚሠሩ ጀማሪ ሐኪሞች ጉዳይ ነው። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1989 የሬዚደንት ሐኪሞችን የሥራ ሰዓት በሳምንት በ80 የገደበው ከዚህ ሞት በኋላ ነበር። የሞቷ ምክንያት በፍርድ ቤት ብዙ አከራክሯል፤ ኮኬይን ወስዳለች አልወሰደችም የሚለውም ከክርክሩ አንዱ ነበር። ዛሬ ብዙ የሕክምና ጽሑፎች ሞቷን የሚያያይዙት ግን ፌነልዚንና ፔቲዲን አንድ ሰውነት ውስጥ በመገናኘታቸው ነው። የሁለቱ መገናኘት የሚያስከትለው ችግር ሴሮቶኒን ሲንድረም ይባላል።

ሴሮቶኒን ሰውነታችን ራሱ የሚያመርተው ኬሚካል ነው። አብዛኛው የሚገኘው አንጀት ውስጥ ሲሆን፣ አንጎልና ህብለ ሰረሰር ውስጥ ደግሞ ከአንዱ የነርቭ ሴል ወደ ሌላው መልእክት ያደርሳል። ስሜት፣ እንቅልፍ፣ የሰውነት ሙቀት፣ የጡንቻ እንቅስቃሴ፣ የአንጀት ሥራ ሁሉ ይነካዋል። አንድ ሴል ሴሮቶኒን ከለቀቀ በኋላ ትርፉ በሁለት መንገድ ይነሣል። በመጀመሪያ የለቀቀው ሴል ራሱ መልሶ ይመጠዋል፤ ቀጥሎ ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰባብረዋል። ነገሩ ቧንቧው ክፍት እንደሆነ የእጅ መታጠቢያ ነው፤ ከሁለቱ ማፍሰሻዎች አንዱ ቢደፈን ሌላው ውኃውን ያወርደዋል፣ ሁለቱም ሲደፈኑ ግን ውኃው ሞልቶ ይፈሳል።

ፌነልዚን ኢንዛይሙን ያግዳል። ፔቲዲን ደግሞ ሕመም ከማስታገሱ በተጨማሪ ሴሮቶኒን ወደ ሴሉ ተመልሶ እንዳይመጠጥ በመጠኑ ይከለክላል። አንድ ሰው አንዱን ብቻ በታዘዘለት መጠን ቢወስድ ብርቱ የሴሮቶኒን መመረዝ የሚደርስበት ከስንት አንዴ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋው በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲገጣጠሙ ነው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ከሌላ ሴሮቶኒን ከሚያበዛ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ የሚፈጠረው ጥምረት ነው።

እንደ ፌነልዚን ያሉት አሮጌ ፀረ ድብርት መድኃኒቶች ዛሬ እምብዛም አይታዘዙም። ኢንዛይሙን የሚያግዱ ነገር ግን የድብርት መድኃኒት ያልሆኑ ሌሎች ግን አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሊኔዞሊድ ነው። በመሠረቱ ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሲሆን፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚታከምባቸው መድኃኒቶች መካከል ይገኛል። ሕክምናው ወራት ስለሚወስድ በመካከሉ በድብርት የሚጠቃና ፍሉኦክሰቲን የሚታዘዝለት ታካሚ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ አብረው የግድ ሲያስፈልጉ ሐኪሙ አውቆ፣ ታካሚውን በቅርብ እየተከታተለ የሚወስደው ውሳኔ እንጂ ሁለት ክሊኒኮች ሳይነጋገሩ የሚያደርጉት ነገር መሆን የለበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2011 ስለዚህ ጥምረት ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሆስፒታል በመርፌ የሚሰጠው ሜቲሊን ብሉ የተባለ መድኃኒትም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶበታል።

ከሁሉም ይልቅ ለተራው ሰው የሚቀርበው ግን ትራማዶል ነው። ለምሳሌ ያህል በቀን 20 ሚሊግራም ፍሉኦክሰቲን የምትወስድና ለወራት ደህና የሆነች ሴት እንበል። ወድቃ ወገቧን ትመታለች፤ የሚያክማት ባለሙያ ሌላ መድኃኒት መውሰዷን ሳይጠይቅ 50 ሚሊግራም ትራማዶል ይሰጣታል። ትራማዶል ሕመም የሚያስታግሰው በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ከተለወጠ በኋላ ነው። ይህን የሚለውጠውን የጉበት ኢንዛይም ደግሞ ፍሉኦክሰቲን ያዳክመዋል። ስለዚህ ሴትዮዋ የጠበቀችውን ያህል እፎይታ አታገኝም። «አልሠራልኝም» ብላ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍሬ ትጨምራለች። በዚህ መሃል ያልተለወጠው ትራማዶል በደሟ ይከማቻል፤ ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይመጠጥ የሚያደርገውም ይኸው ያልተለወጠው ነው። ሕመሙ ሳይለቃት ሴሮቶኒኑ ይበዛል፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊያስከትልባት ይችላል። ፍሉኦክሰቲን መውሰዷን አስቀድማ ብትናገር ኖሮ ፓራሲታሞል ወይም ሌላ የሚስማማት ማስታገሻ ማግኘት ትችል ነበር።

ሳል የያዘው ሰው ያለ ማዘዣ የሚገዛቸው አንዳንድ ሽሮፖችም ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። በተለመደው መጠን የሚያመጣው ስጋት አነስተኛ ቢሆንም፣ ለስካር ብለው ጠርሙሱን የሚጨርሱትና ፀረ ድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ለብርቱ አደጋ ይጋለጣሉ።

በማሟያነት የሚሸጡ ነገሮች ደግሞ «ተፈጥሯዊ» የሚል ጽሑፍ ስላለባቸው ብዙ ሰው መድኃኒት አድርጎ አይቆጥራቸውም። ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለው የአበባ ተዋጽኦ በአሜሪካና በአውሮፓ መደብሮች ለድብርት ይሸጣል፤ የሚሠራውም ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይመጠጥ በማድረግ ነው። በእነዚያ አገሮች የሚኖር ሰው ሐኪም ያዘዘለት ፀረ ድብርት መድኃኒት ላይ ይህን ሲደርብ ሳያውቅ መጠኑን እየጨመረ ነው። ትሪፕቶፋንና 5-ኤችቲፒ ደግሞ ሴሮቶኒን የሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች ናቸው። ትሪፕቶፋን ኢንዛይሙን ከሚያግዱ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የሚያስከትለው መንቀጥቀጥና ላብ እ.ኤ.አ. በ1960 በሕክምና መጽሔት ላይ ተገልጿል።

ለመዝናኛ ከሚወሰዱት ውስጥ ኤምዲኤምኤ ወይም ኤክስታሲ የሚባለው ይከፋል፤ ምክንያቱም ሴሎቹ ያከማቹትን ሴሮቶኒን በአንድ ጊዜ ያስለቅቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከፊንላንድ የወጣ ሪፖርት ኤምዲኤምኤን ሞክሎቤማይድ ከሚባል ኢንዛይም አጋጅ ፀረ ድብርት መድኃኒት ጋር የወሰዱ አራት ሰዎች መሞታቸውን ይናገራል። እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ግን የኤምዲኤምኤን ስሜት ያደበዝዛሉ። ወጣቱ «ምንም አልተሰማኝም» ብሎ ሁለተኛ ፍሬ የሚጨምረው፣ ወይም ለአንድ ምሽት ደስታ መድኃኒቱን የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። አምፌታሚንና ኮኬይንም አደጋውን ይጨምራሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በዋናነት የሚያስለቅቀው ሴሮቶኒንን ሳይሆን ዶፓሚንንና ኖርአድሬናሊንን ነው፤ ሆኖም የመወራጨትና የልብ ትርታ ምልክቶችን ሊያደባልቅ ስለሚችል መቃሙን ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል።

ምልክቶቹ ፈጥነው ይመጣሉ። አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒት በጀመሩ፣ መጠን በጨመሩ ወይም ሌላ በደረቡ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ብዙዎቹም በ6 ሰዓት ውስጥ ይታመማሉ። መጀመሪያ የሚታየው ቀላል ነገር ይመስላል፤ እረፍት ማጣት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ያለ ሙቀት ማላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ተቅማጥ። ሰውየው ጭንቀቱ የባሰበት ወይም የምግብ መመረዝ የያዘው ሊመስለው ይችላል።

ከእነዚህ ይልቅ ሐኪም በጣም የሚፈልገው ምልክት እግር ላይ ነው። እግርን ዘና አድርጎ መዳፉን በድንገት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ሲይዙት፣ ቁርጭምጭሚቱ በራሱ ወደ ላይና ወደ ታች ምት እየመታ ይዘላል። ይህ ክሎነስ ይባላል። ጉልበት ላይ በትንሽ መዶሻ ሲመታ የሚታየው ዝላይም ከወትሮው የበረታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከእጅ ይልቅ እግር ላይ ይጎላል። ዓይኖችም ሳይፈለግ ወዲያና ወዲህ ሊዋልሉ ይችላሉ። ሴሮቶኒን የሚያበዛ መድኃኒት መወሰዱ ታውቆ ክሎነስ ሲኖር፣ ከመወራጨት ወይም ከማላብ ጋር፣ ሐኪሞች ሴሮቶኒን ሲንድረምን ይጠረጥራሉ። ይህ መለያ ሃንተር የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ የወጣው መስፈርት ነው። በሽታውን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ የለም።

ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ጡንቻው ከደረቀ ወይም ሰውየው መቃዠት ከጀመረ ሰዓት የሚባክንበት ነገር አይደለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ትኩሳቱ የሚመጣው ያለማቋረጥ ከሚሠራው ጡንቻ ስለሆነ ፓራሲታሞል ብዙ አይረዳም። ሐኪሞች ሴሮቶኒን የሚያበዙትን መድኃኒቶች ያቆማሉ፤ ጡንቻውን ለማላላት እንደ ዲያዜፓም ያለ ይሰጣሉ፤ ሰውነቱን በውኃና በማቀዝቀዣ ያበርዳሉ፤ አስፈላጊ ሲሆንም ሴሮቶኒንን የሚቃወም ሳይፕሮሄፕታዲን ይጨምራሉ። አብዛኞቹ ቀላል ሕመምተኞች በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻሻላሉ። ረጅም ጊዜ ደም ውስጥ የሚቆይ መድኃኒት የወሰዱት ግን ለቀናት ክትትል ያስፈልጋቸዋል።

ይህ ሁሉ የጸና ድብርት ያለበት ሰው ከፍርሃት የተነሣ መድኃኒቱን በራሱ እንዲያቋርጥ ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ድንገት ማቋረጥ ማዞርና ጭንቀት ያመጣል፣ ድብርቱም ይመለሳል። የሚፈለገው መናገር ነው። ፍሉኦክሰቲን ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ በመሆኑ፣ ከእርሱ ወደ ኢንዛይም አጋጅ ለመሻገር ሐኪሞች አምስት ሳምንት ያስጠብቃሉ፤ ለሌሎቹ የዚህ ዓይነት መድኃኒቶች ሁለት ሳምንት በአብዛኛው ይበቃል። ስለዚህ ድንገተኛ ክፍል «ምን ትወስዳለህ?» ሲባል፣ የዛሬው ብቻ ሳይሆን ያለፈው አምስት ሳምንት፣ ከማዘዣው ጋር ከጓደኛ የተቀበሉት ፍሬ፣ የተጠጣው ሽሮፕና የተገዛው ማሟያ አንድ ላይ መጠራት አለባቸው። ፓኬቶቹን በፌስታል ይዞ መሄድ ደግሞ ስም ከማስታወስ ይቀላል።