የክርስትና ጥሪ ለአገር ቤትና ለውጭ አገር ዘመድ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ ደግሞ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። የተወለዱበት ዕለት እንደ አንደኛ ቀን ስለሚቆጠር ክርስትናው የሚውልበት ቀን ገና በወሊዱ ዕለት ይታወቃል። የአገር ቤት ዘመድ ሳምንት ሲቀረው ቢጠራም ይደርሳል። ውጭ አገር ያለው ግን ፈቃድ መጠየቅና ትኬት መቁረጥ ስላለበት ካርድ እስኪታተም ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ የወንድ ልጅ ክርስትና ከሆነ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ለሚደውለው የባሕር ማዶ ዘመድ ቀኑን እዚያው መንገር ይሻላል። ካርዱ በኋላ ይከተላል።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተወለደ ወንድ ልጅን እንውሰድ። 40ኛው ቀን እሑድ የካቲት 1 ይውላል። የተለመደው ካርድ እንዲህ ይላል፦ «በእግዚአብሔር ፈቃድ ልጃችን እሑድ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ክርስትና ስለሚነሳ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ በመኖሪያ ቤታችን በምናዘጋጀው የምሳ ግብዣ ላይ ከነቤተሰብዎ እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ለአገር ቤት ሰው ይህ አንዳች አይጎድለውም። ዋሽንግተን ተወልዶ ያደገ የእህት ልጅ ግን የካቲት መቼ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል፤ 6 ሰዓትንም ወይ ንጋት ወይ ምሽት አድርጎ ያነበዋል። ለበዓሉ አዲስ አበባ የገባ እንግዳ ምሳው አልቆ፣ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ የሚደርሰው እንዲህ ባለ ስሕተት ነው።

ለውጭ አገር በሚላከው ጥሪ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፦ «እሑድ የካቲት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2026)፣ ከቀኑ 6 ሰዓት (በፈረንጆች ሰዓት 12:00፣ እኩለ ቀን፣ በአዲስ አበባ)።» የዕለቱን ስም መተው አይገባም። በቁጥሩ ላይ ስሕተት ቢገባ እንኳ «እሑድ» የሚለው ቃል አንባቢውን ያነቃዋል።

መምጣት የማይችለውና በስልክ በቀጥታ የሚከታተለው ዘመድ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። በዚሁ ክርስትና ጥምቀቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ቢጀመር፣ ዋሽንግተን በክረምቷ ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትቀር እዚያ ገና ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። «እሑድ ጠዋት» ተብሎ የተጻፈለት አክስት እሑድ ማለዳ ተነስታ ስልኳን ስትከፍት ሥርዓቱ ካለፈ ሰዓታት ተቆጥረዋል። ለእርሷ «ቅዳሜ ማታ፣ በእናንተ ሰዓት 10:00» ብሎ መጻፍ ይገባል። ዱባይ ላለ ዘመድ አንድ ሰዓት ይጨመራል፣ ሪያድ ላለ ምንም አይለወጥም። አሜሪካ ውስጥ ማርች ላይ ሰዓት ስለሚቀየር የዋሽንግተኑ ልዩነት ወደ 7 ዝቅ ይላል።

የጥሪው ቃልም እንደ ሰውየው መለየት አለበት። መምጣት እንደማይችል ለሚታወቅ ሰው «እንዲገኙልን» የሚለውን መላክ ያሳቅቀዋል፤ አንዳንዱም ገንዘብ ላክ እንደተባለ ይቆጥረዋል። «በአካል ባትኖሩም በጸሎትና በምርቃት ከእኛ ጋር እንድትሆኑ» ቢባል ግን ደስታው ብቻ ይደርሰዋል። አገር ቤት ላሉ ታላላቆች ደግሞ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ልኮ ዝም ማለት ነውር ነው። አስቀድሞ ቤታቸው ሄዶ ወይም ደውሎ «እርስዎ ካልመረቁት አይሆንም» ማለት የቤተሰቡ ግዴታ ነው።

በዚያው ዕለት የተወለደችው ሴት ብትሆን ኖሮ 80ኛ ቀኗ ዓርብ መጋቢት 11፣ ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውል ነበር። ያኔ ጥምቀቱ በቀኑ ይፈጸምና ግብዣው ወይ የጾም ይሆናል ወይ ከፋሲካ በኋላ ይደረጋል። ግብዣው ከተዛወረ የቤተ ክርስቲያኑና የግብዣው ቀን በየራሳቸው መስመር ይጻፉ። አለበለዚያ ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ ለየትኛው ትኬት እንደሚቆርጥ አያውቅም። ካርዱ ላይ የሚሰፍረው ልጁ የሚጠራበት ስም ነው፤ የክርስትና ስሙ የሚሰጠው በጥምቀቱ ዕለት ስለሆነ አስቀድሞ አይታተምም።

አድራሻው ታዋቂ ምልክትና ስልክ ይኑረው። ከውጭ የሚደወልበት ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ወጥቶ በ+251 ይጀምር። ካርዱ ከመታተሙ በፊት ውጭ አገር ላደገ አንድ ዘመድ ይላክና በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደተጠራ ይጠየቅ። መልሱ ከተሳሳተ የሚታረመው ካርዱ ነው።