«ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ማንን ይመራል?

በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ከግራፍ ሥር «ምንጭ፦ ኢንተርኔት» ተብሎ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ይህን የሚያነብ ፈታኝ ግን ቁጥሩን ላጣራ ቢል የት ይሂድ?

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርት፣ የሕፃናት የአመጋገብ ሁኔታ ከ2000 ጀምሮ እንዴት እንደተለወጠ በግራፍ ያሳያል። ግራፉ መቀንጨርን፣ መክሳትንና የክብደት ማነስን ጎን ለጎን አስቀምጧል። ተማሪዋ የምትፈልገው ግን መቀንጨርን ብቻ ነው፤ በ2000 58 በመቶ የነበረው በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርዷል።

ግራፉን እንዳለ ካስገባችው መግለጫው «ሥዕል 3፦ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የአመጋገብ ሁኔታ፣ 2000–2016 እ.ኤ.አ.» ይላል። ቀጥሎም «ከማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲና አይሲኤፍ (2016) የተወሰደ» ብላ በሪፖርቱ ውስጥ ያለውን የሥዕል ቁጥርና ገጹን ትጽፋለች። የመቀንጨሩን መስመር ብቻ ነጥላ በኮምፒውተሯ እንደገና ከሣለችው ግን «የተወሰደ» ማለት ሐሰት ይሆናል፤ «በ… መረጃ ላይ ተመሥርቶ በጸሐፊዋ የተዘጋጀ» ነው የሚባለው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም ግራፉ ላይ ስህተት ቢገኝ ጥፋቱ የኤጀንሲው ነው ወይስ የተማሪዋ የሚለውን የሚለየው እሱ ነው።

ፈቃድ ሌላ ጉዳይ ነው። ምንጭ መጥቀስ ፈቃድን አይተካም። የኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጥሬ መረጃ ጥበቃ አይሰጥም፤ 58 እና 38 የሚሉትን ቁጥሮች ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። ፎቶግራፍና ካርታ ግን የሠሪያቸው ናቸው። ስለዚህ መጽሐፍ አሳትሞ ለሚሸጥ ሰው፣ ቁጥሩን ወስዶ ግራፉን ራሱ መሣል ብዙ ጊዜ ፈቃድ ከመጠየቅ ያድነዋል። ፎቶ ከሆነ ግን እንዲህ ያለ መውጫ የለም።

ሲጠይቅም ደብዳቤው «ፎቶዎን ልጠቀም» ብቻ ብሎ እንዳያበቃ። የትኛው ምስል፣ በየትኛው ገጽ ያለው፣ ለየትኛው መጽሐፍ፣ በስንት ቅጂ፣ በወረቀት ብቻ ነው ወይስ በድረ ገጽም? ባለመብቱ የፈቀደው ለወረቀት ብቻ ከሆነ መጽሐፉ በድረ ገጽ ሲወጣ ያ ፈቃድ አይሠራም። መልሱ ሲደርስ ከምንጩ ቀጥሎ «© የባለመብቱ ስም፣ ዓመት። በፈቃድ የታተመ» ይባላል፤ ደብዳቤውም ይቀመጣል።

ብዙዎችን የሚጥለው ወጥመድ ደግሞ ምስሉን ያገኙበት ጽሑፍ ራሱ ከሌላ የወሰደው መሆኑ ነው። ይህ የሚታወቀው መግለጫውን እስከ መጨረሻው መስመር በማንበብ ነው። እዚያ «በ… ፈቃድ» የሚል ካለ የመጽሔቱ አዘጋጅ መፍቀድ አይችልም፤ ጥያቄው መቅረብ ያለበት ስሙ ለተጠቀሰው ባለቤት ነው።