ሰባት ሰዓት የሚለያቸው ባልና ሚስት

ሪያድ የምትሠራ ሚስትና አዲስ አበባ የቀረ ባሏ የሚያዩት ሰዓት አንድ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይተኛሉ። ጀርመን ቢሆንም ልዩነቱ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። አሜሪካ ግን ሌላ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢዋ በበጋቸው በሰባት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ከአዲስ አበባ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ፕሮሰሱ እስኪያልቅ ተለያይተው የሚጠብቁ ብዙ ባለትዳሮች የሚጋጩት በዚህ የሰዓት ልዩነት ሰበብ ነው፤ እነሱ ግን ፍቅራቸው የቀዘቀዘ ይመስላቸዋል።

በምሳሌ እንየው፤ ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ሚስት ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ትሠራለች እንበል። ባል አዲስ አበባ ቢሮ ይውላል። እሷ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ስትነሳ እሱ ጋ ቀን 6 ሰዓት ተኩል ነው፤ ምሳ ሰዓቱ ስለሆነ አሥራ አምስት ደቂቃ ማውራት ይችላሉ። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ እሱ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። ደክሞታል፣ ግን አልተኛም። በቀን ውስጥ ያላቸው ሁለት ጠባብ በር ይኸው ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ግን አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች፤ ኢትዮጵያ አትነካውም። በአንድ ሌሊት ሁለቱም በር ይዘጋል። እሷ ስትነሳ እሱ ምሳውን ጨርሶ ቢሮ ገብቷል፤ ከሥራ ስትወጣ እሱ ጋ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ሆኗል። እሱ እንቅልፍ ጥሎት ስልኩን ሳያነሳ ይቀራል፣ እሷም «ድሮ ትጠብቀኝ ነበር» ትላለች። የጠፋው የአንድ ሰዓት ልዩነት መሆኑን ማንም አያስተውልም። የሰዓት ለውጡ ከመድረሱ በፊት ተቀምጦ አዲስ ሰዓት መቁረጥ ያስፈልጋል። በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ ሰዓቱ ሲመለስም እንዲሁ።

እኛ ላይ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለብን። አሜሪካ የቆየች ሚስት «ነገ በ3 ሰዓት እደውላለሁ» ስትል በእነሱ አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ ማለቷ ሊሆን ይችላል፤ በበጋ ያ ሰዓት አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ነው። ባል ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ታቅፎ ይጠብቃል። ስልኩ ሲጮህ እሱ አንድ ሙሉ ሰዓት ተቆጥቶ ቆይቷል፣ እሷ ደግሞ በሰዓቷ ደውላለች። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀጠሮ ሲያዝ ሁልጊዜ «ባንተ ሰዓት» ወይም «በኔ ሰዓት» ማለት፣ በሁለቱም ስልክ ላይ የሌላውን ከተማ ሰዓት ማስቀመጥ።

ከሰዓቱ ቀጥሎ የሚመጣው የእንቅልፍ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ነው የሚያመሸው፤ በአብዛኛው አዲስ አበባ ያለው፣ «እሷ ሥራ በዝቶባታል» እየተባለ። ይህ ሲደጋገም ቅሬታ ይወልዳል፣ ቅሬታው ደግሞ በሌላ ነገር ተሳብቦ ይወጣል። የሥራ ቀናት ጥሪ አጭር ይሁን። ረጅሙ ጨዋታ ለቅዳሜ ይቆይ፤ እሷ ጋ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ በበጋ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፣ ማንም እንቅልፉን አይከፍልም። የገንዘብና የፕሮሰስ ጉዳይም ሌላ ቀን ይሰጠው፤ አለዚያ አሥራ አምስቷን ደቂቃ ሁሉ ይበላታል።

አንዱ ተኝቶ ሌላው ነቅቶ ባለበት ሰዓት የሚያገናኘው የድምፅ መልእክት ነው። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የተቀዳ ሁለት ደቂቃ፣ አከራይዋ ምን እንዳሉ፣ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ እሷ ጠዋት አውቶቡስ ውስጥ ትሰማዋለች። መልሷ ከሰማችው አንዱን ነገር ቢያነሳ («ታዲያ አከራይዋ ተስማሙ?») የሌላው ኑሮ ውስጥ እንዳለች ይሰማዋል። «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ብቻ ሲሆን ይህ ይቀራል። «ሌሊት 8 ሰዓት ኦንላይን ነበርክ» የሚለው ክትትል ግን መልእክቱን ሁሉ ወደ ምርመራ ይለውጠዋል። ጥርጣሬ ካለ ሁለቱም ነቅተው ባሉበት ሰዓት በግልጽ ይነገር።

ክሪስታል ጂያንግና ጄፍሪ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ተራርቀው የሚኖሩ ፍቅረኞች አብረው ካሉት ይልቅ ስለራሳቸው በጥልቀት እንደሚነጋገሩ አሳይተዋል። የጥናቱ ሌላው ግኝት ግን ያሳስባል፦ የተራራቁት አንዳቸው ሌላውን ከእውነተኛው አሳምረው ይስላሉ። ሰዓት ጠብቆ በተገኘች ጥሪ ማንም መከፋቱን ማውራት አይፈልግም፣ ስለዚህ ሁሉም ደስ የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ቪዛው ሲመጣ የሚገናኙት ግን ሥራ ጠልቶ የሚያኮርፍ ሰውና ከአዳር ሥራ ገብታ ማውራት የማትፈልግ ሴት ናቸው። ስለዚህ የከፋችሁ ዕለት ደውሉ፤ መከፋታችሁንም አትደብቁ።