ኤ ፕላስን ተማር፣ ለሲሲኤንኤ ክፈል

በነገሌ ቦረና፣ በአሬሮ ወይም በሞያሌ ያለ፣ የሥራ ልምድ የሌለው ወጣት ወደ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሥራ ለመግባት ሲያስብ ብዙውን ጊዜ የሁለት ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀቶች ስም ይሰማል። አንደኛው ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ተቋም የሚሰጠው ኤ ፕላስ ነው። ሁለተኛው የኔትወርክ መሣሪያ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠው ሲሲኤንኤ ነው። በሁለቱ ላይ የሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚያተኩረው “የትኛው ይቀላል?” በሚለው ላይ ነው። በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ገንዘቡ የሚወጣው ለእውቀቱ ነው ወይስ ለወረቀቱ? ሁለቱ አንድ ዕቃ ይመስላሉ እንጂ ገዥያቸው የተለያየ ነው። በእኔ እምነት የደቡብ ቆላው ጀማሪ የኤ ፕላስን ትምህርት እስከ መጨረሻው ሊማር ይገባዋል፣ የፈተናውን ክፍያ ግን ለሲሲኤንኤ ማስቀመጥ አለበት፤ እሱንም ጊዜው ሲደርስ።

በመጀመሪያ ሁለቱ የሚፈትኑትን እንይ። ኤ ፕላስ ሁለት ፈተናዎች አሉት፤ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን የምስክር ወረቀቱ የሚሰጠው ሁለቱንም ላለፈ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የኮምፒውተር አካላትን፣ ስልክና ላፕቶፕን፣ ፕሪንተርን፣ መጠነኛ ኔትወርክን ይዳስሳል። ትልቁ ድርሻ ግን የብልሽት ፍለጋ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለምን አልበራም፣ ፕሪንተሩ ለምን አላተመም የሚለው። ሁለተኛው ፈተና ወደ ዊንዶውስና ሌሎች ሥርዓተ ክወናዎች፣ ወደ ቫይረስና ደኅንነት ይገባል። ሲሲኤንኤ አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ የኮድ ቁጥሩ 200-301፣ ጊዜው 120 ደቂቃ። እዚህ ላይ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ የሚባል ነገር አይነሳም። የአድራሻ ክፍፍል፣ ስዊች፣ ራውተር፣ አንድ መልእክት ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው በምን መንገድ እንደሚሄድ ነው የሚጠየቀው።

ልዩነቱ በአንድ ቢሮ ጉዳይ ቢታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አንድ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አልሠራ አለ እንበል። ጀማሪው ጥቁሩን መስኮት ከፍቶ ይህን ይጽፋል፦

```
ipconfig
```

የሚታየው አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ አላገኘም፣ ስለዚህ ለራሱ ጊዜያዊ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። ቀጣዩ እርምጃ አጠገብ ያለውን ኮምፒውተር ማየት ነው። እሱ የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ ያለው በመጀመሪያው ኮምፒውተር፣ በኬብሉ ወይም ኬብሉ በተሰካበት ቀዳዳ ላይ ነው፤ ኬብሉን ከሚሠራው ጋር ማቀያየር ወዲያው ይለየዋል። ሁሉም ኮምፒውተሮች ተመሳሳይ አድራሻ ካሳዩ ግን ችግሩ ከነሱ አልፎ ወደ ስዊቹ ወይም አድራሻ ወደሚያድለው ራውተር ሄዷል። እስከዚህ ድረስ ያለው የኤ ፕላስ እውቀት ነው። አሁን ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ አድጎ አራት የሥራ ክፍል ኖሮት፣ የፋይናንስ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ከሌላው ተለይተው ይቀመጡ ቢባል፣ 192.168.10.0/24 የተባለውን ኔትወርክ ለአራት መክፈል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ክፍል /26 ይሆናል፣ 64 አድራሻ ይደርሰዋል፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለኔትወርኩ ለራሱ ስለሚቀሩ ለመሣሪያዎች 62 ይተርፋሉ። ይህን አስልቶ ስዊቹ ላይ ማስገባት የሲሲኤንኤ ሥራ ነው።

በቆላው ከተሞች በየዕለቱ የሚያጋጥመው የትኛው ነው? ያለጥርጥር የመጀመሪያው። ነገሌ በ2015 ዓ.ም. የምሥራቅ ቦረና ዞን ዋና ከተማ ከሆነች ወዲህ ዞናዊ መሥሪያ ቤቶችን ይዛለች፤ ባንክ፣ ሆቴል፣ ክሊኒክ፣ የጽሕፈት አገልግሎት ቤትም አላት። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚቃጠል ፓወር ሰፕላይ፣ አቧራ የዋጠው ማቀዝቀዣ፣ ፍላሽ ይዞት የመጣ ቫይረስ የዘወትር ጉዳይ ነው። እዚህ ያለ ደንበኛ ግን የጥገና ባለሙያውን የምስክር ወረቀት አይጠይቅም። ነገሩ የዱብሉቅን የከብት ገበያ ይመስላል፤ ለራሱ የሚገዛው ሰው የበሬውን ጥርስ ገልጦ፣ አረማመዱን አይቶ ይወስናል፤ ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ግን በዓይኑ ያየው አይበቃውም፣ የእንስሳት ጤና ወረቀት ይፈልጋል። በነገሌ የሱቁ ባለቤት ኮምፒውተሩ ሲነሳ በዓይኑ ያያል። ወረቀቱ ለዚህ ሰው የሚነግረው አዲስ ነገር የለም።

የኢኮኖሚ ባለሙያው ማይክል ስፔንስ በ1973 በአውሮፓ አቆጣጠር ያቀረበውና በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ የሆነው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ በቀጥታ ማየት ስለማይችል ምልክት ይፈልጋል ይላል ስፔንስ፤ ምልክቱ የሚሠራው ደግሞ ችሎታ ለሌለው ሰው ማግኘቱ ሲከብደው ነው። አዲስ አበባ ያለ ባንክ ወይም የኔትወርክ ተቋራጭ ለአንድ ቦታ የመጣለትን የማመልከቻ ክምር ሁሉ መሞከር አይችልም። በአገራችን የኔትወርክ ሥራ ማስታወቂያዎች ላይ “ሲሲኤንኤ ያለው ይመረጣል” የሚል ሐረግ የተለመደ ነው፤ ኤ ፕላስ ግን እምብዛም አይጠቀስም። የሰው ኃይል ክፍሉ የሚያውቀው ምልክት ሲሲኤንኤ ነው፤ የማያውቀው ምልክት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን አይነበብም። በነገራችን ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነፃ የሚሰጠው ወረቀትም በዚሁ መመዘኛ መታየት አለበት፤ ትምህርቱ ይጠቅማል፣ ሁሉም ሊያገኘው የሚችል ወረቀት ግን አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም።

አሁን ወደ ዋጋው። የሲሲኤንኤ መደበኛ የፈተና ዋጋ 300 ዶላር ነው። ኤ ፕላስ በአሜሪካ ዋጋ ሲሰላ ሁለቱ ፈተናዎች ተደምረው ከ500 ዶላር በላይ ይሄዳሉ፤ ኮምፕቲያ ለአንዳንድ አገሮች ዝቅ ያለ ዋጋ ስለሚያወጣ ከመክፈል በፊት የኢትዮጵያን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር 300 ዶላር 17,100 ብር ነበር። በ140 ብር ብናሰላው ግን 42,000 ብር ይሆናል። በ2018 ዓ.ም. ከተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ከ6,000 ብር ጋር ሲነጻጸር የሰባት ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። የወደቀ ሰው እንደገና ለመፈተን ሙሉውን ይከፍላል። ከዚህ ላይ ወደ ፈተና ማዕከል ሄዶ ለሚፈተን ሰው ጉዞው አለ፤ ከነገሌ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቫውቸሩን አሜሪካ ባለ ዘመድ ለማስገዛት የሚያስብም አንድ ነገር ይወቅ፤ የኮምፕቲያ ቫውቸር ብዙ ጊዜ በተገዛበት የዋጋ ክልል ብቻ ነው የሚያገለግለው። ስም ሲመዘገብም በእንግሊዝኛ ፊደል በመታወቂያው ላይ እንዳለው መሆን አለበት፤ የአንድ ፊደል ልዩነት በር ላይ ሊያስመልስ ይችላል።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ይታወቃል። ሲሲኤንኤ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ሲስኮ ራሱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ልምድ ቢኖር ይመረጣል ይላል፣ ታዲያ መሠረት ሳይጣል ጣሪያ እንዴት ይሠራል ይባላል። ተቃውሞው ስለ ትምህርቱ ቅደም ተከተል ከሆነ ልክ ነው፤ ከላይ ያነሳሁት የ169.254 ምርመራ ያልገባው ሰው ኔትወርክ ለአራት መክፈል ቢሸመድድም አይረባውም። ለወረቀቱ ግን አይሠራም፤ ሲስኮ ለፈተናው ምንም ዓይነት ቅድመ ሁኔታ አያስቀምጥም፣ ኤ ፕላስን ስለ መያዙም አይጠይቅም። የኤ ፕላስ የፈተና ርዕሶች ዝርዝር በነፃ ይገኛል፤ ልምምዱ አሮጌ ኮምፒውተር ፈትቶ በመግጠም ይሆናል። የሲሲኤንኤ ልምምድም ቢሆን ውድ ራውተር አይፈልግም፤ የሲስኮ ፓኬት ትሬሰር በነፃ የሚወርድ ሲሆን ስዊችና ራውተርን በስክሪን ላይ ያስመስላል። ዝግጁነትን መለየት ደግሞ ከባድ አይደለም። የአድራሻ ክፍፍልን ያለ ካልኩሌተር በሁለት ደቂቃ ውስጥ የማይጨርስ፣ ራሱ የሠራውን ኔትወርክ ሌላ ሰው ሲያበላሽበት ጥፋቱን ፈልጎ የማያገኝ ተማሪ ገና ነው። በፈተናው ወደ ኋላ ተመልሶ ጥያቄ ማረም አይቻልም፣ ጊዜውም የተወሰነ ስለሆነ ዝግታ ራሱ ይጥላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ኤ ፕላስ በአሜሪካ የታወቀ ነው፣ የኮምፒውተር ድጋፍ ሰጪ ሥራ ማስታወቂያዎች ላይ በስሙ ይጠራል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ጉዞው የተቆረጠለት ሰው ከሆነ ፍርዱ ይገለበጣል፤ ምልክቱን የሚያነበው ቀጣሪ ያለው እዚያ ስለሆነ ኤ ፕላስ ለእሱ ተገቢ ወጪ ነው። ያም ሆኖ ፈተናውን እዚያው ሲደርስ ቢወስደው ይሻለዋል፤ ምክንያቱም ሁለቱም የምስክር ወረቀቶች የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ብቻ ነው። ቪዛ ሲጠበቅ ሁለቱ ዓመት ካለፈ የተገዛው ንብረት ሳይሠራበት አርጅቷል።

ይኸው የእርጅና ሒሳብ ለሲሲኤንኤም ይሠራል፤ “ጊዜው ሲደርስ” ያልኩትም ለዚህ ነው። ብዙዎቹ የባንክና የድርጅት ማስታወቂያዎች ሲሲኤንኤን የሚፈልጉት በዲግሪ ወይም በዲፕሎማ ላይ ተጨማሪ አድርገው እንጂ በምትኩ አይደለም። ያቤሎ በሚገኘው ቦረና ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገና ትምህርቱን የጀመረ ተማሪ ዛሬ ቢፈተን፣ ሲመረቅ የወረቀቱ ጊዜ ያለቀ ወይም ሊያልቅ የተቃረበ ይሆናል። የተሻለው የመጨረሻው ዓመት ላይ መፈተን ነው። ከአካባቢው ላለመውጣት የወሰነ ሰው ደግሞ ከሁለቱ ለአንዱም ዶላር ባያወጣ ይመረጣል። የወረዳና የዞን መሥሪያ ቤት ለቴክኒክና ሙያ ምሩቅ የሚጠይቀው ደረጃውንና የብቃት ምዘናውን፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለውን ነው፤ የሲስኮም የኮምፕቲያም ወረቀት ይህን አይተካም። ለእንዲህ ያለው ሰው 42,000 ብሩ መልቲሜትር፣ የኬብል መጭመቂያ፣ መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይና ሃርድ ዲስክ ገዝቶ ሥራ ቢያስጀምረው ይሻላል።