ሁለት ፊርማ፣ አንድ የማብቂያ ቀን

እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 ኮሎኒያል ፓይፕላይን የተባለው የአሜሪካ ነዳጅ አስተላላፊ ኩባንያ መስመሩን ለቀናት ለመዝጋት ተገደደ። መስመሩ ለአገሪቱ ምሥራቃዊ ጠረፍ ከሚቀርበው ነዳጅ ግማሽ ያህሉን ያደርስ ስለነበር በየማደያው ሰልፍ ሆነ። ጠላፊዎቹም 4.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈላቸው። የገቡበት መንገድ ግን ረቂቅ አልነበረም። ከሩቅ ሆኖ ለመግባት የሚያገለግል አንድ የቆየ አካውንት ማንም ሳይሠራበት፣ ማንም ሳይዘጋው ቀርቶ ነበር፤ ፓስወርዱ እጃቸው ገባ፣ ሌላ ማረጋገጫ የሚጠይቃቸው አልነበረም።

እንዲህ ያለ አካውንት ለምን ሳይዘጋ ይቆያል? መብት የጎደለው ሠራተኛ ሥራው ስለሚቆም ይጮኻል፤ በጠዋቱ አይቲ ክፍል በር ላይ ይገኛል። መብት የተረፈው ግን ምንም አይጎድለውም፤ ዝም ይላል። አለቃውም ሌላ ሥራ አለው። ስለዚህ መብት ይሰጣል እንጂ አይመለስም፤ ክፍል ሲቀያይር አሥር ዓመት የቆየ ሠራተኛ ያለፈባቸውን ክፍሎች ቁልፍ ሁሉ ይዞ ይዞራል።

ለዚህ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚከተሉት አሠራር ሁለት ሰው እንዲያጸድቅ፣ ማስመለሱ ግን የማንም ሰው ሥራ እንዳይሆን ያደርጋል። አንድ ባንክ ውስጥ እንየው። የብድር ክፍል ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ልትወጣ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን። እሷን እንዲተካ የተመደበው የሂሳብ ክፍል ባልደረባ የብድር ክፍያ መመዝገብ አለበት። ቅጹ ላይ የትኛው ሲስተም፣ በውስጡ የትኛው ሥራ፣ ለምን፣ እስከ መቼ የሚለውን ይሞላል። «እንደ እሷ ይሰጠኝ» ብሎ መጻፍ አይፈቀድለትም። እሷ ራሷ ከቀድሞ ክፍሏ ይዛ የመጣችው ትርፍ መብት ሊኖር ይችላልና።

ጥያቄው መጀመሪያ ለቅርብ አለቃው ይደርሳል። አለቃው የሚያውቀው ሰውየውን ነው፦ በእርግጥ ተመድቧል? ለስንት ጊዜ? «የብድር ምዝገባ» የሚለው መብት ሲስተሙ ውስጥ ምን እንደሚከፍት ግን አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የሲስተሙ ባለቤት ነው። ባለቤት ሲባል አይቲ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይቲ ማሽኑን ያንቀሳቅሳል፤ ባለቤቱ ግን ለብድሩ መረጃ ተጠያቂ የሆነው የብድር ኃላፊ ነው።

ኃላፊዋ ጥያቄውን ስታይ አለቃው ያላየው ነገር ታገኛለች። ይህ ሠራተኛ በሂሳብ ክፍል ሥራው ክፍያ የማጽደቅ መብት አለው። መመዝገቢያው ከተጨመረለት ራሱ መዝግቦ ራሱ ያጸድቃል ማለት ነው፤ ባንኮች ሜከርና ቼከር ብለው የሚለዩት ነገር በአንድ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ የማጽደቅ መብቱ ለጊዜው ካልታገደ አልፈቅድም ትላለች። አለቃው ይስማማል፤ መብቱ ለ120 ቀን ይሰጣል። አለቃውና ባለቤቷ አንድ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛው ፊርማ የይስሙላ ይሆን ነበር፤ እንዲያ ሲሆን ጥያቄው ወደ በላይ ኃላፊ መሄድ አለበት።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ሲስተሙ ራሱ መብቱን ያነሳል። ሳምንት ሲቀረው ለሠራተኛውና ለሁለቱ አጽዳቂዎች ማሳሰቢያ ይሄዳል፤ ይራዘም ከተባለ እንደ አዲስ በሁለቱም በኩል ያልፋል። ማንም መልስ ካልሰጠ መብቱ ያበቃል። እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው፦ ዝምታ ማራዘሚያ ሆኖ ከተቆጠረ ቀኑን መጻፉ ትርጉም የለውም። በዚያች ሰዓት ሲስተሙን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው ካለም ማብቂያው ከሲስተሙ ሊያስወጣው ይገባል፤ አለዚያ አንዳንድ ሲስተም መብቱን የሚጠይቀው ሲገባ ብቻ ስለሆነ እስኪወጣ ድረስ መሥራቱን ይቀጥላል።

አሠራሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመሰልቸት ነው። በቀን አርባ ጥያቄ የሚደርሰው ኃላፊ ሳያነብ ይጫናል። ይህ የሚታወቀው ውድቅ የተደረገ ጥያቄ ከመዝገቡ ሲጠፋ፣ ማጽደቂያውም ጥያቄው በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ሲሰጥ ነው። ሁሉም ጠያቂ የሚፈቀደውን ረጅሙን ጊዜ ሲመርጥም ቀኑ በሥራው ልክ እንዳልተቆረጠ ይታያል። መድኃኒቱ ለተራ ጥያቄ አንድ ፊርማ ይብቃ ብሎ፣ ሁለቱን ገንዘብና የደንበኛ መረጃ ለሚነካው ማስቀረት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ወረቀቱና ሲስተሙ ሲለያዩ ነው። መዝገቡ «አብቅቷል» ይላል፤ መብቱ ግን ሲስተሙ ውስጥ ቁጭ ብሏል። አንድም ማንሻው ትእዛዝ ሳይደርስ ቀርቷል፣ አንድም አይቲ ክፍል ያለ ባልደረባ በስልክ ተለምኖ ከቅጹ ውጭ ሰጥቶታል። ስለዚህ በየሳምንቱ ከሲስተሙ የወጣው የተጠቃሚዎች ዝርዝር ከጸደቁት ጥያቄዎች ጋር ይመሳከራል፤ ጥያቄ የሌለው መብት ከተገኘ እስኪጣራ ድረስ ይታገዳል፣ ሰጪውም ይጠየቃል።